ኳሷ አንዴ ትንጠር፦ ዊልቸር የምትጠቀም ተማሪና ዝቅተኛ ዕይታ ያለው ተማሪ የሚጫወቱበት የመረብ ኳስ ክፍለ ጊዜ

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ዊልቸር የምትጠቀም ተማሪና ዓይኑ አጥርቶ የማያይ አንድ ተማሪ ካሉ፣ የመረብ ኳስ ቀን ሲደርስ እሷ ነጥብ ቆጣሪ፣ እሱ ደግሞ የጓደኞቹ ጃኬት ጠባቂ ሆነው ዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። መምህሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። አርባ ምናምን ተማሪ፣ ጥቂት ኳስና 40 ደቂቃ ይዞ ሌላ መላ ስላልታየው ነው። መላው ግን አለ፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ዋናው ነገር እንቅፋቱ የቱ ጋ እንዳለ ለይቶ ማወቅ ነው።

ከዚህ በታች እንደ ምሳሌ የምንወስደው ጎንደር ውስጥ ያለ አንድ የ9ኛ ክፍል ክፍለ ጊዜ ነው። 44 ተማሪዎች አሉ፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ልጅቷ ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም፣ እጆቿ ግን ብርቱ ናቸው። ልጁ ያያል፤ ሩቅ ያለውንና ፈጥኖ የሚንቀሳቀሰውን ግን አይለይም፣ ኃይለኛ ብርሃንም ያስጨንቀዋል።

ሁለቱን የሚያግዳቸው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው "የእሷ ችግር እግር፣ የእሱ ችግር ዓይን ነው፤ ስለዚህ ሁለት የተለያየ መፍትሔ ይፈልጋሉ" ብሎ ይነሳል። በመረብ ኳስ ሜዳ ላይ ግን የሁለቱም እጥረት አንድ ነው፤ ጊዜ ያጥራቸዋል።

መረብ ኳስ ከቅርጫት ኳስና ከእግር ኳስ የሚለየው ኳሷን ይዞ ማሰብ ስለማይቻል ነው። ደርሰህ ወዲያው ትነካታለህ፣ አለዚያ መሬት ትነካለች። ከ3 ሜትር ከፍታ የምትወድቅ ኳስ መሬት ለመድረስ 0.8 ሴኮንድ ገደማ ነው የሚፈጅባት። በዚህ ጊዜ ቆሞ የሚጫወት ልጅ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይወስዳል፤ በቃው። ዊልቸር ግን ወደ ጎን አይሄድም። ልጅቷ መጀመሪያ የመግፊያውን ቀለበት መያዝ፣ ወንበሩን ማዞር፣ መግፋት፣ ከዚያ ቀለበቱን ለቃ እጇን ማንሳት አለባት። አራት ድርጊት በ0.8 ሴኮንድ አይሆንም።

ልጁ ደግሞ ኳሷን ዘግይቶ ነው የሚያገኛት። ዝቅተኛ ዕይታ የሚባለው መነጽር ተደርጎም፣ ሕክምና ተደርጎም ሳይስተካከል የሚቀር የማየት ውስንነት ነው። በተለምዶ የሚነሳው መለኪያ የተሻለው ዓይን ከ6/18 በታች ማየቱ ነው። ቁጥሩ የሚለው፣ ጤናማ ዓይን ከ18 ሜትር የሚያየውን እሱ ለማየት 6 ሜትር ድረስ መቅረብ አለበት ነው። የመደበኛው መረብ ኳስ ሜዳ ርዝመት ደግሞ በትክክል 18 ሜትር ነው። ስለዚህ ከወዲያኛው ጫፍ የተመታ ሰርቭ ለጓደኞቹ ገና ከእጅ ሲወጣ ሲታያቸው፣ ለእሱ የጉዞዋ ሁለት ሦስተኛ ካለቀ በኋላ ብቅ ትላለች። ስንፍና ወይም ፍርሃት የሚመስለው መዘግየት ይህ ነው።

ልጁ ምን እንደሚያይ እንዴት ይታወቃል?

በመጠየቅና በመሞከር። "ዝቅተኛ ዕይታ" አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። አንዱ መካከሉ ይደበዝዝበትና በዳር በኩል ያያል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ኳስ ሲጠብቅ ፊቱን ያዘነብላል። "ቀጥ ብለህ እይ!" ማለት ዓይንህን ጨፍን እንደማለት ነው፤ አታርሙት። ሌላው ዳር ዳሩ ጠፍቶበት በቱቦ እንደሚያይ ሰው ነው፤ እሱን ከሜዳው ጠርዝ፣ ጨዋታው በሙሉ በሚያይበት ጎን እንዲውል አድርጎ ማቆም ይጠቅማል። ሦስተኛው ደግሞ ብርሃን የሚያውረው ነው።

ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት 5 ደቂቃ የምትፈጅ ሙከራ አለች። መምህሩ በ9፣ በ6 እና በ3 ሜትር ርቀት እየቆመ የተለያየ ቀለም ያላቸውን ኳሶች ከግራ ወደ ቀኝ ያንከባልላል፤ ልጁ ኳሷን ባየ ቅጽበት በጣቱ ይከተላታል። ጣቱ ከኳሷ ኋላ መቅረት የሚጀምርበት ርቀት ተለይቶ ይያዛል፤ የሰርቩ ርቀት ከዚያ ማለፍ የለበትም።

ቤተሰቡንም አንድ ጥያቄ መጠየቅ ግድ ነው፦ "ሐኪም መዝለልን ወይም ጭንቅላት ላይ መመታትን ከልክሎት ያውቃል ወይ?" ሬቲናቸው በቀላሉ ሊላቀቅ የሚችል፣ ከባድ የቅርብ ማየት ችግር ያለባቸው ወይም በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ልጆች አሉ። መልሱ "አናውቅም" ከሆነ ጎንደር ላይ የሚጠየቅበት ሩቅ አይደለም፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምናም የኦፕቶሜትሪ ትምህርትም አለው። መልሱ እስኪመጣ ለስላሳ ኳስ ብቻ መጠቀም ነው።

ሁሉም መሬት ተቀምጦ ቢጫወትስ?

ይህን ሐሳብ የሚያነሱት ተቀምጦ የሚጫወቱትን መረብ ኳስ በቴሌቪዥን ያዩ ሰዎች ናቸው። ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ከ1980 ጀምሮ በፓራሊምፒክ የውድድር ዓይነት ነው። ሜዳው 10 በ6 ሜትር፣ መረቡ ለወንዶች 1.15፣ ለሴቶች 1.05 ሜትር ሲሆን ተጫዋቹ ኳስ ሲነካ መቀመጫው ከመሬት መነሳት የለበትም።

ነገር ግን በዊልቸር የሚጫወቱት አይደለም፤ ከዊልቸር ወርዶ ነው። የእኛዋ ልጅ ከወገቧ በታች ስሜት ከሌላት ደግሞ ጠጠር ወይም ሻካራ ሲሚንቶ ላይ መጎተት ቆዳዋን ይልጠዋል፤ ሕመሙ ስለማይሰማት ቁስሉ የሚታወቀው ማታ ልብስ ስትቀይር ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ለመዳን ሳምንታት ይፈልጋል፣ አንዳንዱም ከዚያ ይብሳል። ፍራሽ ወይም ለስላሳ ወለል ያለው አዳራሽ ካለና ልጅቷ ራሷ ከፈለገች አንድ ቀን መሞከር ይቻላል። አቧራ ሜዳ ላይ ግን አይሞከርም። "ኑ እናውርዳት" ብለው ሁለት ጎረምሶች አንጠልጥለው ማውረድማ በጭራሽ።

ታዲያ አንድ ጊዜ መንጠር ምን ይለውጣል?

መፍትሔው አንድ ደንብ ነው፦ ኳሷ ከእያንዳንዱ ንክኪ በፊት አንድ ጊዜ መሬት ብትነካ ጨዋታው ይቀጥላል። ደንቡ ለሁለቱ ብቻ ሳይሆን ሜዳው ላይ ላለ ሁሉ ይሠራል። ሳትነጥር መምታት የሚችል ይምታ፣ አይከለከልም።

ጠንካራ መሬት ላይ ከ3 ሜትር ወርዳ የነጠረች ኳስ ሁለተኛ ጊዜ መሬት እስክትነካ አንድ ሴኮንድ ገደማ አየር ላይ ትቆያለች። የነበረው ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ልጅቷ ወንበሯን አዙራ፣ አንድ ጊዜ ገፍታ፣ እጇን ለማንሳት ትደርሳለች። ከዚህም ሌላ ጥቅም አለው። ቁጭ ያለ ሰው ዝቅ ብላ የመጣችን ኳስ በክንድ ለመቀበል ጉልበቱ ይከለክለዋል፤ ነጥራ ደረት ድረስ የወጣችን ኳስ ግን በጣቶቹ ሊገፋት ይችላል።

ለልጁ መንጠሩ ከጊዜም በላይ ነው። መሬት ስትነካ ድምፅ ታሰማለች፤ ከየት በኩል እንዳለች ጆሮው ይነግረዋል። ከዚያ ወደ ላይ ስትወጣ ፍጥነቷ እየቀነሰ ጫፏ ላይ ለአፍታ የቆመች ትመስላለች። ያቺ አፍታ እሱ ኳሷን አጥርቶ የሚያይባት ናት። "ስትወጣ አትምታት፣ ጫፍ ላይ ስትቆም ምታት" የሚለው ትምህርት ለእሱ ወርቅ ነው፤ ለቀሩት ጀማሪዎችም አይጎዳም።

ደንቡ የሚበላሸው በመሬቱ ነው። ላላ ያለ አፈር፣ ረዥም ሣር ወይም የመስከረም ጭቃ ኳስን ይውጣታል። ጠጠር ያለበት ደግሞ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ያስፈናጥራታል፤ ይህ ለሁለቱም ከመጀመሪያው የባሰ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ኳሷን ከትከሻ ከፍታ ይልቀቋት። ቢያንስ ከጉልበት በላይ ቀጥ ብላ ከተመለሰች ሜዳው ይሆናል። ጉልበት ካልደረሰች መጀመሪያ አየር ይሙሉና እንደገና ይሞክሩ፤ አሁንም ካልደረሰች ያ መሬት ለዚህ ደንብ አይሆንም። ያኔ ከሜዳው ይልቅ በመማሪያ ክፍሎች መካከል ያለው ሲሚንቶ ይሻላል፤ ለጎማውም ይመቻል። ጎንደር ደግሞ አቀበትና ቁልቁለት ናት፤ ሜዳው ከክፍሎቹ በታች ደረጃ ወርዶ ከሆነ ልጅቷ ደርሳ እስክትመለስ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። በጣውላ መወጣጫ ይሠራ ከተባለ ለ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 1.20 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። ከዚያ ካጠረ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል።

ከመንጠር ቀጥሎ ያለው ድጋፍ መያዝ ነው፤ ይህ ደግሞ ለሚያስፈልገው ብቻ ይፈቀዳል። ልጅቷ ጭኗ ላይ ያረፈችን ኳስ፣ ልጁ ደግሞ ደረቱ ላይ የደረሰችን ኳስ ይዘው እስከ 2 ሴኮንድ ማቆየትና ወደ ላይ ወርውረው መምታት ይችላሉ። ችሎታው እየጨመረ ሲሄድ 2 ሴኮንዱ ወደ 1 ይወርዳል፣ ከዚያም ይቀራል።

ኳሷ ቃጭል ያላት መሆን አለባት?

አይደለም። ቃጭል ያላት ኳስ የምትጠቅመው ማየት የተሳናቸው ሰዎች ለሚጫወቱት ጎልቦል ነው፤ በዚያ ጨዋታ ኳሷ መሬት ለመሬት ስለምትንከባለል ቃጭሉ ሳያቋርጥ ይሰማል። አየር ላይ የምትሄድ ኳስ ግን ቃጭሏ እምብዛም አይሰማም። ኳስን በፌስታል ጠቅልሎ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ እንዲኖራት ማድረግም የሚጠቅመው ለማንከባለል ልምምድ ነው፤ በጨዋታ ላይ ፌስታሉ በሁለት ደቂቃ ይቀደዳል። ዝቅተኛ ዕይታ ያለው ልጅ ዋና መሣሪያው ዓይኑ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ለቀለምና ለልስላሴ ቢውል ይሻላል።

መደበኛዋ ኳስ ዙሪያዋ ከ65 እስከ 67 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ260 እስከ 280 ግራም ነው። ለዚህ ትምህርት ከእሷ የምትቀል፣ ትንሽ የምትሰፋና ቆዳዋ ለስላሳ የሆነች ኳስ ትመረጣለች። በጣም ቀላሏ፣ በትንፋሽ የምትነፋው የፕላስቲክ ኳስ ግን ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ካልሆነ አታስተማምንም።

ስለ ቀለም አንድ የማይታሰብ ነገር አለ። "ደማቅ ቢጫ ትታያለች" ይባላል። እውነት ነው፤ ጀርባዋ ጨለም ያለ ሲሆን። በበጋ የደረቀ ሣርና አቧራ ላይ ግን ቢጫም ነጭም ይጠፋሉ። ሰማይ ላይ ወደ ላይ የተላከች ኳስማ ብርሃኑ ከኋላዋ ስለሆነ ቀለሟ ምንም ቢሆን ጠቆር ብላ ነው የምትታየው፤ ወደ ፀሐይ ከዞረች ጭራሽ አትታይም። ስለዚህ የሚሻለው ኳሷን ከፍ አለማድረግና ከጀርባዋ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ወይም ጨለም ያለ ግድግዳ እንዲሆን ማድረግ ነው። ብርቱካናማና ቢጫ ኳስ ይዞ መጥቶ ልጁ ራሱ ይምረጥ። የመረጠው ቀለም ከወር በኋላ ሣሩ ሲደርቅ ሊለወጥ ይችላል።

መረቡና መስመሩስ?

በመደበኛ ደንብ መረቡ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው። ለእኛ ክፍለ ጊዜ 1.80 ሜትር ይበቃል። ልጅቷ ቁጭ ብላ ከቅርብ ልታሳልፈው ትችላለች፤ የቆሙትም ቢሆኑ ከላያቸው ኳስ ለማሳለፍ መግፋት አለባቸው። 1.15 ድረስ ማውረድ ስህተት ነው። ረዥሙ ልጅ ከላይ ወደ ታች ደብድቦ ሲመታ ኳሷ የምታርፈው ቁጭ ያለችው ልጅ ፊት ላይ ነው። በ1.80ም ቢሆን ከላይ ወደ ታች መምታት ይከልከል፤ እያንዳንዱ ኳስ ወደ ላይ ቀስት ሠርታ ትለፍ።

ነጭ መረብ ከነጭ ሰማይ ፊት ለልጁ የለም ማለት ነው። ጫፉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀይ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ይታሰር። ምሰሶዎቹ እስከ 2 ሜትር ከፍታ በፍራሽ ስፖንጅ ተጠቅልለው በዚያው ቀለም ጨርቅ ይሸፈኑ።

መስመሩ ላይ የሁለቱ ፍላጎት ይጋጫል፤ ብዙ መመሪያ ይህን አይናገርም። በጎልቦል መስመሩ በእግር እንዲዳሰስ ከፕላስተሩ ሥር ሲባጎ ይደረጋል። ይህን ያነበበ መምህር ወፍራም ገመድ ይዘረጋና የወንበሩ የፊት ትንንሽ ጎማዎች እዚያ ላይ ይቆማሉ፤ ወንበሩ ሲቆም አካሏ ወደ ፊት ይወረወራል። መፍትሔው 3 ሚሊ ሜትር የምታህል ቀጭን ሲባጎ ነው። እሷም የምትዘረጋው በልጁ ቦታ ዙሪያ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው መስመር በኖራ ይሰመራል። የኖራው መስመር ከተለመደው እጥፍ፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር ይስፋ። ሲባጎዋ ሲሚንቶ ላይ በፕላስተር ትለጠፍ፤ አፈር ላይ ከሆነ ሁለት ጫፏ ተወጥሮ ተቀብሮ ከላይ ኖራ ይነስነስባት። ላላ ብላ ቀለበት ከሠራች እግር ትጠልፋለች፤ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ በእግር እየረገጡ ማየት ይገባል።

ወንበሩ ዝግጁ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ለስፖርት ተብሎ የተሠራ ወንበር አይጠበቅም፤ የየቀኑ ወንበር ይሠራል። ግን ከጨዋታ በፊት ጎማው ይጨመቅ። የላላ ጎማ ሲገፉት መክበዱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ የአብዛኛው ዊልቸር ፍሬን የሚይዘው ጎማውን በመጫን ስለሆነ ጎማው ሲላላ ፍሬኑም አይዝም። ሰርቭ ስትመታ ፍሬን ይያዝ፤ አለዚያ እጇ ወደ ፊት ሲወረወር ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ኳሷ መረቡ ውስጥ ትገባለች። ሰርቩ እንዳለፈ ይፈታ። ጨዋታው እየሄደ ግን ፍሬን አይነካም።

የእግር ማሳረፊያው ብረት የሌሎችን ቅልጥም የሚያገኝ ስለሆነ በስፖንጅ ይጠቅለል። ጭኗ ላይ ሰፋ ያለ ቀበቶ ይታሰር። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ይነገራት፦ ከጭንቅላቷ ኋላ ያለፈችን ኳስ አትከተል። የየቀኑ ወንበር ወደ ኋላ የሚገለበጠው አካል ወደ ኋላ ሲለጠጥ ነው፤ ያቺ ኳስ የጓደኛዋ ናት።

አቋቋሟም ይታሰብበት። ወንበር ወደ ጎን ስለማይሄድ ፊቷን ቀጥ አድርጋ መረቡን ከተመለከተች ግራና ቀኟ ባዶ ነው። ከሜዳው የኋላ ጥግ ገባ ብላ ወንበሩን በሰያፍ ወደ መረቡ መካከል ብታዞረው ግን፣ ወደ እሷ ቦታ የምትመጣ ኳስ ሁሉ ከፊቷ ታርፋለች። ያኔ የሚያስፈልጋት ወደ ፊት አንድ ግፊት ብቻ ነው። ይህች ትንሽ የማዕዘን ለውጥ ከማንኛውም ዕቃ የበለጠ ትሠራለች።

40 ደቂቃው እንዴት ይሄዳል?

ሜዳው 18 በ9 ሜትር ነው፤ ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው እንበል። መረቡን እንደወትሮው በአጭሩ በኩል ከመወጠር ይልቅ ጨርቅ የታሰረበትን ገመድ በ18 ሜትሩ በኩል መካከል ለመካከል እንዘርጋው። ገመዱ እንዳይረግብ በየ6 ሜትሩ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይቆማል፤ እግሩ አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ በሲሚንቶ የተሞላ ቢሆን ይበቃል። ሦስት ትንንሽ ሜዳዎች ተገኙ፤ እያንዳንዱ 6 ሜትር ስፋት፣ በየወገኑ 4.5 ሜትር ጥልቀት አለው። ሁለቱ ላይ አራት ለአራት፣ የእኛ ልጆች ያሉበት ላይ ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ፤ ለወንበሩ ቦታ ስለሚያስፈልግ። በአንድ ጊዜ 22 ተማሪ ይጫወታል። የቀሩት 22 ግድግዳ ላይ በጣት የመግፋት ልምምድ ይሠራሉ።

ሁለቱን በአንድ ቡድን አለማድረግ ይሻላል፤ "ደካማው ቡድን" የሚባል እንዳይፈጠር። ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ ስለሆነች ልጁ በምሥራቁ ወገን ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ ይቆማል፤ ጀርባው ለፀሐይ ይሆናል። ኮፍያና ጥቁር መነጽር ካለው ያድርግ። ልጅቷ ባሻገር ናት፤ ፀሐዩ ወደ እሷ ስለሚመጣ ለእሷም ኮፍያ ያስፈልጋታል። የጠዋት ክፍለ ጊዜ ስለሆነ ቡድኖቹ ጎን አይቀያየሩም።

የመጀመሪያዎቹ 8 ደቂቃዎች ለማሟሟቂያ ናቸው። ሌሎቹ ሲሮጡ ልጅቷ በሜዳው ዙሪያ ትገፋለች፣ በፊሽካ ትቆማለች፣ ትዞራለች። ልጁ የሲባጎዋን መስመርና ምሰሶውን እየዳሰሰ ቦታውን ይዞራል። መጀመሪያ ቀን ብቻ ሳይሆን በየጊዜው።

ከዚያ 12 ደቂቃ ልምምድ። መምህሩ ሲያሳይ ከልጁ 2 ሜትር ቀርቦ፣ ከክንዱ ቀለም የሚለይ አንድ ወጥ ልብስ ለብሶ ይቁም። "እንዲህ አድርጉ"፣ "እዚህ ጋ" የሚሉ ቃላት ለእሱ ባዶ ናቸው። "ሁለት አውራ ጣቶች ግንባር ፊት፣ በመካከላቸው የአንድ ጣት ክፍተት፣ ክርን ወደ ውጭ" ሲባል ግን ይገባዋል። አሁንም ካልያዘው "እጄን ያዝና ተከተል" ብሎ እንዲዳስስ ማድረግ ይቻላል፤ ሳይጠይቁ እጁን ይዞ ማንቀሳቀስ ግን ነውር ነው። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው በ3 ሜትር ርቀት፦ መወርወር፣ አንዴ መንጠር፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ መግፋት። ከአሥር ስድስት ጊዜ ከተሳካ ርቀቱ ወደ 4 ሜትር ይጨመር።

ቀጥሎ 16 ደቂቃ ጨዋታ ነው፤ በ8 ደቂቃ ተጫዋቹና የግድግዳው ቡድን ይለዋወጣሉ። ዝውውሩ ለሁለቱም እንደማንኛውም ተማሪ ነው፤ እነሱም ግድግዳው ጋ ይሄዳሉ። ሰርቭ ከ4.5 ሜትር ነው፤ አልደርስ ካላት ልጅቷ ከ3 ሜትር ትመታለች። ወደ ልጁ ወገን ሰርቭ የሚመታ ሁሉ ቀድሞ "ሰርቭ!" ይላል፣ ልጁ "እሺ" እስኪል ይጠብቃል። የቡድን ጓደኛው ኳስ ሲልክለት ስሙን ጠርቶ "ላንተ!" ይበል፤ ከመታ በኋላ ሳይሆን ከመምታቱ በፊት። የቀሩት 4 ደቂቃዎች ዕቃ ለመሰብሰብና ለመጠያየቅ ናቸው፤ ሁለቱን ለብቻቸው "ኳሷ ታየችህ? ጎማው ያዘሽ?" ብሎ መጠየቅ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ያስተካክላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው?

መጀመሪያ ጩኸቱ ነው። ሦስት ጓደኞቹ በአንድነት "ግራ! ቀኝ! ምታ!" ሲሉ ልጁ የኳሷን መንጠር አይሰማም። እጁን አንስቶ ባለበት ደርቆ ሲቀር ካያችሁ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ሳይሆን ጩኸቱ ነው። ኳሷን የላከው ብቻ ይናገር።

ሁለተኛው በደግነት የሚመጣ ነው። "በእያንዳንዱ ዙር ልጅቷ ሳትነካ ነጥብ አይቆጠርም" የሚል ደንብ አንዳንዱ መምህር ያወጣል። ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል፤ ሜዳ ላይ ግን አምስት ሰው ቆሞ እሷን ይጠብቃል፣ ስትስት ስህተቱ ሁሉ የእሷ ይሆናል፣ ተጋጣሚውም ኳሷን ሆን ብሎ ወደ እሷ ይልካል። ከዚህ የሚሻለው ለቡድኑ የሚሠራ ማበረታቻ ነው፦ ኳሷ ከመሻገሯ በፊት ሦስት የተለያዩ ሰዎች ከነኳት ነጥቡ ሁለት ይሆናል። ሦስት ለሦስት በሚጫወቱበት ሜዳ ይህ ማለት ሁሉም ነካ ማለት ነው፤ ማንም በስሙ ሳይጠቀስ።

ሦስተኛው የጎበዞቹ ማጉረምረም ነው፦ "ቲቸር፣ መንጠር የሕፃን ጨዋታ ነው!" ከፊል እውነት አላቸው። ለእነሱ መንጠሩን መተው ሳይሆን ሥራውን ማክበድ ይሻላል፤ ኳሷን ሳትነጥር ተቀብሎ ለጓደኛው በ1 ሜትር ክልል ውስጥ ያደረሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያገኛል ብትሏቸው ማጉረምረሙ ይበርዳል።

አራተኛው ግጭት ነው። ልጁ ኳሷን ቀና ብሎ ሲከተል ዝቅ ያለውን ወንበር አያይም። በግድግዳው ልምምድና በሚቀላቀሉበት ጊዜ ከወንበሩ ሥር ትንሽ ቃጭል ማሰር ይረዳል፤ ልጅቷ ግን ከተስማማች ብቻ። ካልወደደችው "መጣሁ" ማለቷ ይበቃል።

ማርኩስ እንዴት ይሰጣል?

የሚለካው ክህሎቱ የታሰበለት ዓላማ ነው፤ የሰውነት አቋሙ አይደለም። "ጉልበት አጥፎ፣ ቀጥ ባለ ክንድ" የሚለው መስፈርት ልጅቷን ገና ከመነሻው ዜሮ ይሰጣታል። "ከ3 ሜትር የመጣችን ኳስ ከአንድ መንጠር በኋላ መሬት ላይ በኖራ ወደተሰመረ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ማድረስ፣ ከ10 ሙከራ" የሚለው ግን ሁሉንም በአንድ ዓይን ይለካል። ለልጁ ክቡ ውስጥ የተቃራኒ ቀለም ጨርቅ ይነጠፍለት፣ ከጎኑም አንድ ሰው ቆሞ ያጨብጭብ። ሙከራው ለሁሉም 10 ነው፤ ጊዜው ግን ለሁለቱ እስከ እጥፍ ይፈቀዳል። ሰባት ያገባ ሰባት ይጻፍለት፣ ሦስት ያገባም ሦስት። ለሐዘኔታ የተጨመረ ማርክ በሚቀጥለው ወር ልጅቷ መሻሻሏን ለማየት ስትፈልግ መነሻዋን ያጠፋባታል።